ቀጠሮ መሰረዝና ሰው ማክበር

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። አንድ የግል ጥርስ ክሊኒክ ለሐሙስ ቀጠሮ ለሰጣቸው ታካሚዎች እንዲህ የሚል የሞባይል መልእክት ይልካል፦

«ውድ ደንበኛ፣ የሐሙስ ቀጠሮዎ ተሰርዟል። ለሌላ ቀጠሮ በሥራ ሰዓት ይደውሉ።»

መልእክቱ ስህተት የለበትም። አጭር ነው፣ አንቱታውንም አልዘነጋም፣ «ውድ» የሚል ቃልም አለው። ሆኖም የተቀበለው ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ተቀባይዋን እንይ። ስሟን ለምሳሌ ያህል ወይዘሮ አስቴር እንበላት። ጥርሷን ለማስሞላት ስትል ለሐሙስ ግማሽ ቀን ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳለች፣ ልጇን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት ሰውም ለምናለች። ይህን መልእክት ስታነብ ወዲያው ሦስት ነገር ትጠይቃለች። የተሰረዘው የእኔ ነው ወይስ በስህተት የተላከ ነው? ለምን ተሰረዘ? አሁንስ ምን ላድርግ? መልእክቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አይመልስም። ለሦስተኛው የሰጠው መልስ ደግሞ ሥራውን ሁሉ ወደ እሷ የሚገፋ ነው። ቀጠሮውን ያፈረሰው ክሊኒኩ ሆኖ ሳለ፣ ስልክ የምትደውለው፣ መስመር እስኪነሳ የምትጠብቀውና አዲስ ቀን የምትለምነው እሷ ናት። ቅዝቃዜው የመጣው ከቃላቱ ሳይሆን ከዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን መልእክት አስተካክሉ ሲባሉ ብዙ ሰዎች የሚሠሩት የመጀመሪያ ስህተት ቃላት መከመር ነው። የሚከተለውን የመሰለ ጽሑፍ ከየመሥሪያ ቤቱ የተቀበለ ሰው ጥቂት አይደለም፦

«ክብርት ደንበኛችን፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሐሙስ ኅዳር 11 የነበረዎትን ቀጠሮ ለማስተናገድ የማንችል መሆኑን ስንገልጽ በታላቅ ሐዘን ነው። ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ወደፊት በተሻለ አገልግሎት እንደምንክስዎ ቃል እንገባለን። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የፊተኛውን እመርጣለሁ። ይህኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ረዝሞም አስቴር የጠየቀችውን አልመለሰላትም። «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» ምክንያት አይባልም፤ ምክንያቱን ላለመናገር የተበጀ ሐረግ ነው። ስሟ የለበትም። አዲስ ቀን የለበትም። እንዲያውም በሥራ ሰዓት ይደውሉ የሚለው እንኳ ጠፍቷል። ዋናው ወሬ ደግሞ በሰላምታውና በሐዘኑ መካከል ተቀብሯል። ስልኩን ታክሲ ውስጥ ሆና በጨረፍታ ያየች ሴት ቀጠሮዋ መሰረዙን ሳታስተውል ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ልትገኝ ትችላለች። ገና ያልታገሠችውን ሰው ስለ ትዕግሥትሽ እናመሰግናለን ማለትም ታገሺ ብሎ እንደማዘዝ ይቆጠራል።

ሙቀት የሚመጣው ሰውዬዋ ከምትፈልገው ነገር ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎቿ እንነሳ።

የእኔ ነው ወይ ለሚለው ስሟና የቀጠሮዋ ሰዓት ይበቃሉ። «ውድ ደንበኛ» ለሺህ ሰው ይላካል፤ «ወ/ሮ አስቴር» ግን ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። ማዕረጉ በካርዷ ላይ ከሌለ ወይዘሮ ይሁን ወይዘሪት ብሎ መገመት አያስፈልግም፤ ስሟን ብቻ ጽፎ አንቱታውን በግሱ ላይ መጠበቅ ይቻላል። ሰዓቱ ሲጻፍ ደግሞ «ጠዋት» የሚለው ቃል አይቅር። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት የሆነው በብዙ ሰው ስልክ ላይ 9:00 ተብሎ ይታያል። በተለይ ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ቀጠሮ ሲይዝ በዚህ የተነሳ ስድስት ሰዓት ተሳስቶ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ለምን ለሚለው አራት ቃል እንኳ ብዙ ነው፤ «ሐኪማችን ስለታመሙ» ይበቃል። የሕመሙን ዓይነት መናገር የሐኪሙን ገመና ማውጣት ነው፣ ለአስቴርም ምንም አይጨምርላትም። ምክንያቱ ግን እውነት መሆን አለበት። ሐኪሙ ለሌላ ሥራ ከሄዱ «ሐሙስ ስለማይገኙ» ይባል፤ ለሁለት ሰው አንድ ሰዓት ተሰጥቶ ከሆነም «በእኛ ስህተት» ይባል። ታመዋል የተባሉትን ሐኪም ሐሙስ ዕለት መንገድ ላይ በደህና ያገኘች ታካሚ ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ የሚላትን ሁሉ ትጠራጠራለች።

ምን ላድርግ ለሚለው ከሁሉ የሚበልጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። «ይደውሉ» ከማለት ይልቅ ሁለት ቀን መርጦ ማቅረብ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ ከሰጡ ትእዛዝ ይመስላል። አምስት ከሰጡ ደግሞ አስቴር ለማሰብ ጊዜ ትፈልግና መልሱን ለነገ ታቆየዋለች። ሁለት ሲሆን እዚያው መርጣ ትመልሳለች። ቀኖቹ ግን በእርግጥ መያዝ አለባቸው፤ መዝገቡ ላይ በእርሳስ ስሟን ሳይጽፉ ቦታ አለ ማለት ሁለተኛ ስረዛ መጋበዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ አስቴር፤ ከጥርስ ክሊኒኩ ነው። ሐኪማችን ስለታመሙ የሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮዎን ሰርዘናል፤ ይቅርታ ያድርጉልን። ሰኞ 15 ወይም ማክሰኞ 16 በዚያው ሰዓት ቦታ ይዘንልዎታል። የቱ ይመችዎታል?»

እዚህ ላይ «ሰርዘናል» የሚለው ግስ ሆን ተብሎ የቀረ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ለማለዘብ ሲሉ «ማስተናገድ ያዳግተናል» ወይም «ለውጥ ተደርጓል» ይላሉ። እንዲህ ሲባል አንባቢዋ ሐሙስ ልምጣ ወይስ ልቅር እያለች ታመነታለች። መጥፎው ወሬ በግልጽ ቃል መነገር አለበት። የተለወጠው አድራጊው ነው፤ ቀጠሮው በራሱ እንደ ተሰረዘ ሳይሆን እኛ ሰረዝነው ተብሏል፣ ይቅርታውም ወዲያው ተከትሎታል። ይቅርታው አንዴ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም አስቴር «ኧረ ምንም አይደለም» እያለች ክሊኒኩን ማጽናናት ትጀምራለች፣ ያ ደግሞ የእሷ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ርዝመቱ እንምጣ። በተራ የሞባይል መልእክት በግእዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ በአንድ መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ነው፤ ክፍተቱም ነጥቡም ይቆጠራል። በላቲን ፊደል ሲሆን 160 ይይዛል። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ሲሆን፣ በዕድሜ ለገፉ አንባቢዎች ግን እንዲህ ያለው ጽሑፍ ፈተና ነው። ጽሑፉ ከ70 ሲያልፍ ተከፋፍሎ ይላካል፣ ተቀባዩ ስልክ ደግሞ መልሶ ይገጥመዋል። ክፍሎቹን ለመግጠም የሚረዳ ምልክት ቦታ ስለሚወስድ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚቀረው 67 ነው። ሁለት ክፍል 134 ይይዛል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ደረቅ መልእክት 47 ምልክት ነበር፤ 23 ባዶ ቦታ እያለው ነው ምክንያት ያልነገራት። ከላይ ያየነው አዲሱ ጽሑፍ ሲቆጠር 135 ይመጣል። በአንዲት ምልክት ብቻ ወደ ሦስተኛ ክፍል ያልፋል፣ ክሊኒኩም ለእያንዳንዱ ታካሚ የሦስት መልእክት ሂሳብ ይከፍላል። ታዲያ ምን ይቀነስ? «ያድርጉልን» ቢወጣ ይቅርታው ይደርቃል። «ከጥርስ ክሊኒኩ ነው» ቢወጣ ቁጥሩን ያልመዘገበች ታካሚ ማን እንደጻፈላት አታውቅም። ትርፉ የተገኘው ማክሰኞ ላይ ነው፤ ሰኞ 15 መሆኑን ያነበበ ሰው ማክሰኞ 16 መሆኑን አያጣውም። «16» ከነክፍተቷ ስትወጣ ጽሑፉ 132 ሆነ፣ በሁለት ክፍልም ገባ። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ ጥበት የለም። ቢሆንም ስልኩ ሳይከፈት የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ወይም ሁለቱ ብቻ ስለሆነ፣ የስረዛው ወሬ እዚያም ወደ ላይ መጠጋት አለበት።

ይኸው አካሄድ በሰፈር ወሬም ይሠራል። ለጓደኛ «ዛሬ አልመጣም» ብሎ ከመላክ «ልጄ አተኩሶታል፤ ዛሬ ቡናው ላይ አልደርስም። ቅዳሜ እኔ ጋ ይሁን?» ማለት ጥቂት ቃላት ብቻ ይጨምራል። ምክንያት፣ ግልጽ ወሬ፣ የተቆረጠ ቀን አለው። ለቅርብ ጓደኛ ሰላምታውም ይቅርታውም ሊቀር ይችላል፤ ቀኑ ግን አይቀርም፣ ምክንያቱም መቀራረቡ እንዳልተቋረጠ የሚናገረው እሱ ነው።

መልእክት የማይበቃበት ጊዜም አለ። ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ከሆነ፣ ታካሚው ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ከሆነ ወይም ስረዛው ለዚያው ሰው ሁለተኛ ከሆነ ስልክ ይደወል። በጥርስ ሕክምና በተለይ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። አስቴር ለመደበኛ ሙሌት የምትመጣ ስለሆነች እስከ ሰኞ ብትቆይ ብዙም አትጎዳም። ጥርሱ ሌሊት የማያስተኛው፣ ፊቱ ያበጠ ወይም ያተኮሰው ታካሚ ግን አራት ቀን ቆይ ሊባል አይገባም፤ ኢንፌክሽኑ ሊስፋፋ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በዚያኑ ዕለት የሚያየው ሌላ ሐኪም ፈልጎ፣ ቦታውን አረጋግጦ በስልክ መንገር ነው። ስለዚህ መልእክቱ በጅምላ ከመላኩ በፊት የሐሙስን መዝገብ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ማየትና ሕመምተኞቹን ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል።

ጽሑፉ መሥራቱን የሚነግረን መልሱ ነው። «ሰኞ» የሚል አንድ ቃል ከመጣ ተሳክቷል። «ለምን?» ከመጣ ምክንያቱ አልተሰማም፣ «ማን ልበል?» ከመጣ የላኪው ስም ጎድሏል፣ «ታዲያ ሐሙስ ልምጣ?» ከመጣ ስረዛው ተድበስብሷል። እነዚህን መልሶች የሚያነብ እንግዳ ተቀባይ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛውን ቃል እንደሚያስተካክል ያውቃል።

ዝም ያለ ሰው ግን ተስማምቷል ማለት አይደለም። ስልኩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ማንበብ የማይችል አዛውንትም ሊሆን ይችላል። ክሊኒክም ሆነ የልብስ ስፌት ቤት ወይም ሌላ ቀጠሮ የሚሰጥ ሥራ ያላችሁ ሁሉ፣ እስከ ረቡዕ ማታ መልስ ላልሰጠ ሰው ደውሉለት፤ አለዚያ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።