«ጋራንቲ አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ትልቅ ቴሌቪዥን ሊገዛ መደብር የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «ስንት ነው?» እና «ጋራንቲ አለው?»። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «አለው፣ አንድ ዓመት» የሚል ነው፤ ገዢውም ረክቶ ይከፍላል። ዋስትናውን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚሸፍንና ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቢሰበር ማን እንደሚጠየቅ ግን አልተነገረውም። ይህ ሁሉ የሚነሳው ዕቃው ሲበላሽ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ከሻጩ እጅ ገብቷል።

ስለዚህ ከመክፈል በፊት አንድ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ያዋጣል። በወረቀት ሊሆን ይችላል፣ በቴሌግራም ቢላክም አንድ ነው፤ ዋናው ነገር መልሱ በጽሑፍ መገኘቱ ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ገዢ እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦

«ለኤሌክትሮኒክስ መደብሩ። ጉዳዩ፦ ስለ ባለ 75 ኢንች ቴሌቪዥን ዋስትናና ገጠማ ማብራሪያ ስለመጠየቅ። ከመደብራችሁ ቴሌቪዥኑን ለመግዛት አስቤያለሁ። ከመክፈሌ በፊት ግን የሚከተሉትን እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዋስትናውን የሚሰጠው መደብራችሁ ነው፣ አስመጪው ነው ወይስ አምራቹ? ስክሪኑንና በመብራት መዋዠቅ የሚደርስ ጉዳትን ይጨምራል? ቢበላሽ ወደ ጥገና ቦታ የሚወስደው ማን ነው? ዕቃውን እስከ ቤቴ የሚያደርሰውና የሚሰቅለው የእናንተ ባለሙያ ከሆነ፣ በዚያ መሀል ቢሰበር ኃላፊው ማን ነው? ሌላ ባለሙያ ባሠራስ ዋስትናው ይቋረጣል? የምሰቅልበት ግድግዳ አግሮስቶን ነው። መልሳችሁን በጽሑፍ ብትሰጡኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከሰላምታ ጋር።»

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። መደብሩ በራሱ ስም ዋስትና ከሰጠ ገዢው የሚመለሰው ወደዚያው መደብር ነው፤ መደብሩ ከተዘጋ ግን ዋስትናውም አብሮ ይዘጋል። አስመጪው ከሰጠ ማኅተሙ ያለበት የዋስትና ካርድ መኖር አለበት፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው ተከታታይ ቁጥርም በቴሌቪዥኑ ጀርባና በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የአምራቹ ዋስትና ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃው ለተሸጠበት አገር ብቻ የሚሠራ ነው። ዘመድ ከዱባይ ያመጣው ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ ቢበላሽ፣ ካርዱ በእጅ ቢኖርም ጥገናው በራስ ወጪ ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ ለሚያስመጡ ሌላም ስጋት አለ፦ ለዚያ አገር ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች 120 ቮልት ብቻ ስለሚቀበሉ፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰኩ ይቃጠላሉ።

ሻጩ ምንም ዋስትና ባይጽፍም ገዢው ባዶ እጁን አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ለዚህ ግን የግዢው ደረሰኝ ያስፈልጋል። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚለው ቅናሽ ይህን መብት ማስረገጫውን ወረቀት የሚያስቀር በመሆኑ፣ እንደኔ ከሆነ በትልቅ ዕቃ ላይ በፍጹም አያዋጣም።

ወደ ስክሪኑ እንምጣ። ከቴሌቪዥኑ ክፍሎች ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ ከተሰነጠቀ መጠገን አይቻልም፣ መቀየር ብቻ ነው፤ ቅያሪውም አንዳንዴ አዲስ ከመግዛት ብዙ አይርቅም። ዋስትና በፋብሪካ ጉድለት የመጣውን እንጂ በምት የመጣውን አይሸፍንም። ሁለቱን መለየት ደግሞ ያን ያህል አያስቸግርም። ምት ያገኘው ስክሪን ሲበራ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በየአቅጣጫው የሚዘረጋ ስንጥቅ፣ ብዙ ጊዜም ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር እድፍ ያሳያል። መነሻ ነጥብ የሌለው፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ የመጣ ችግር ነው። ገዢው ይህን ካወቀ «አንተ ነህ የመታኸው» ሲባል የሚመልሰው አያጣም።

የመብራቱ ጥያቄም እንዲሁ ችላ የሚባል አይደለም። የዋስትና ካርዶች በኃይል መዋዠቅ የሚደርስን ጉዳት ብዙ ጊዜ ያስቀራሉ፤ እኛ አገር ደግሞ ዕቃ የሚቃጠለው በአብዛኛው ጠፍቶ የቆየው መብራት ሲመለስ ነው። ሻጩ ስታቢላይዘር መጠቀምን እንደ ቅድመ ሁኔታ ካስቀመጠ ይህንንም በጽሑፍ ይግለጽ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ግን ካርዱ ምንም ይበል ምን የገዢው ሥራ ነው።

ዋስትናና ገጠማ የሚጋጩት በርክክቡ ሰዓት ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ገዢ ቅዳሜ ዕለት ካርቶኑን ተረክቦ ፈረመ እንበል። ሰቃዩ የሚመጣው ሰኞ ስለሆነ ካርቶኑ ሳይከፈት ቆየ። ሰኞ ተሰቅሎ ሲበራ ጥጉ ላይ ስንጥቅ ታየ። መደብሩ «ሰቃዩ ነው» ይላል፣ ሰቃዩ «ሲጓጓዝ ነው» ይላል፣ ተሸካሚዎቹ የሉም። በምቱ የተጎዳው ስክሪን ማን እጅ ላይ እንደነበረ ማንም ማስረዳት አይችልም፤ ኪሳራው የፈረመው ሰው ላይ ይወድቃል። መደብሩ ለደብዳቤው «የእኛ ሰዎች ያደርሱልዎታል፣ ከፍተው ያበሩልዎታል፣ በዚያው ቀን ይሰቅሉልዎታል፤ እስከዚያ የሚደርስ ስብራት በእኛ ነው» ብሎ ጽፎ ቢሆን ይህ ክርክር አይነሳም ነበር። እንዲህ ያለ መልስ ያልተገኘ እንደሆነ ከፊርማው በፊት ካርቶኑን አስከፍቶ፣ አብርቶ፣ ስልክ አውጥቶ በቪዲዮ መቅረጽ ነው።

ቴሌቪዥኑ በደረጃ ላይ የሚወጣው ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይደለም። ባለ 75 ኢንች ስክሪን ወርዱ 1 ሜትር ከ67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ካርቶኑ ከዚህም ስለሚሰፋ የደረጃውን መታጠፊያ አስቀድሞ በሜትር መለካት ያስፈልጋል።

ግድግዳውን በደብዳቤው ላይ መጥቀሱም ለዚሁ ነው። በኮንክሪት ላይ ትክክለኛው ብሎን አጥብቆ ይይዛል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ የፕላስቲክ ፊሸር ይላቀቃል፤ ለባዶ ግድግዳ የተሠራ፣ ውስጥ ገብቶ የሚከፈት መያዣ ይፈልጋል። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ክፍሎችን የሚለየው አግሮስቶን ግን ቀጭን ፓነል ነው፤ ይህን ያህል ክብደት ለብቻው ባይሸከም ይመረጣል። እዚያ ላይ ከኋላ በኩል ማጠናከሪያ እንጨት ወይም ብረት ማስገባት፣ ካልሆነም ቴሌቪዥኑን በስታንድ ማስቀመጥ ይሻላል። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ይነግራል።

መስቀያውም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለበት። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር፣ ለምሳሌ 400 በ400 ወይም 600 በ400 ተብሎ በመመሪያው ላይ ይገኛል። ሰቃዩ ከተገቢው የረዘመ ብሎን ካጠበቀ ጫፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ስክሪኑን ሊወጋው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ዋስትና ከማይሸፍናቸው ጉዳቶች ይቆጠራል። «ሌላ ባለሙያ ባሠራስ?» የሚለው ጥያቄ የተጻፈው ለዚህ ነው።

መልሱ ሲመጣ ከደረሰኙና ከዋስትና ካርዱ ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ። በቴሌግራም ከመጣም ስክሪን ሾት ተነስቶ ይያዝ። ሻጩ ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ለመስጠት ካንገራገረና «ችግር የለም፣ እኛ አለን» እያለ ብቻ ካለፈ፣ ገንዘብዎን ይዘው ወደ ሌላ መደብር ይሂዱ።