የወር አበባ ሲዘገይ እርግዝና ለምን ያስቸግራል?

ካምፕ ያለች አንዲት እህታችን የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ሳይሆን በየ50 ቀኑ ይመጣል እንበል። እንቁላል በ14ኛው ቀን ይወጣል ሲባል ነው የሰማችው። ግን አቆጣጠሩ ከኋላ ነው፤ እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው ደም ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀድሞ ነው። ለእሷ 36ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። በ14ኛው ከጠበቀች ሁሌም ያመልጣታል። በዓመት 13 ጊዜ የሚገኘው ዕድልም ለእሷ 7 ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ደም መጥቶም እንቁላል አልወጣም።

ረሃብና ጭንቀትም ያዘገያሉ፣ ካምፕ ውስጥ ይህ አይረሳ። አገጭ ላይ ፀጉር ወይም የማይለቅ ብጉር ካለ ግን ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይጠረጠራል። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ በአልትራሳውንድ የሚታዩት ዕጢ አይደሉም፤ ማደግ ጀምረው መሃል ላይ የቆሙ፣ እንቁላል የያዙ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው።

ክሊኒክ ስትሄጂ ደም የመጣባቸውን የስድስት ወር ቀኖች ጽፈሽ ያዢ። መጀመሪያ እርግዝና አለመኖሩና ታይሮይድ ይታያሉ። ክብደት ከበዛ ጥቂት መቀነስ ብቻውን እንቁላሉን ሊመልሰው ይችላል። ካልሆነ ሐኪም ለ5 ቀን የሚዋጥ ሌትሮዞል ሊያዝ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ባልም ዘሩን ይመርመር፤ ችግሩ እሱ ጋ ከሆነ እሷ የምትውጠው በከንቱ ነው።