የአምስት ደቂቃ የቡድን ገለጻ እንዴት ይጻፋል?

የኤሚ ኤድመንድሰንን የ1999 እ.ኤ.አ. ጥናት ለክፍል ጓደኞቻቸው የሚያቀርቡ ሦስት ተማሪዎች ገጽ ተከፋፍለው ቢጽፉ፣ እርስ በርስ የማይያያዙ ሦስት ማጠቃለያዎች ይወጣሉ። የሚሻለው የሐሳቡን ፍሰት መከፋፈል ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ ጥያቄውን ያነሳል፦ «አባላቱ ስህተታቸውን ያለ ፍርሃት የሚናገሩበት ቡድን የበለጠ ይማራል?» ሁለተኛዋ ማስረጃውን ታቀርባለች፤ በአንድ አምራች ኩባንያ 51 የሥራ ቡድኖች ተጠንተው፣ ሳይሸማቀቁ መናገር የሚቻልባቸው ቡድኖች የበለጠ ሲማሩ ታይቷል። ከባዱ ክፍል የሦስተኛው ነው። ጥናቱ በአንድ ኩባንያ የተወሰነ ስለሆነ፣ ጽሑፉ «አረጋገጠ» ሳይሆን «ተዛምዶ አሳየ» ማለት ይገባዋል። ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ዓረፍተ ነገርም አስቀድሞ ቃል በቃል መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ተከታዩ ተናጋሪ የቀደመውን ሲደግም ደቂቃዎቹ ያልቃሉ።