«ምንህን ነው የሚያምህ?»፦ ደብረ ታቦር ላይ የስልክ፣ የሐኪም ቤትና የመድኃኒት ቤት ንግግር

ደብረ ታቦር ከሌላ ክልል የሚመጣ ተማሪና ሠራተኛ አያጣትም። አብዛኛው እንግዳ ገበያ ላይና ታክሲ ውስጥ የሚያግባባ አማርኛ ይዞ ይመጣል። የሚቸገረው ሲታመም ነው። የሕመም ንግግር የራሱ አካሄድ ስላለው በገበያ አማርኛ አይሸፈንም።

በስልክ ይጀመር። ደዋዩ ካልታወቀ «ማን ልበል?» ይባላል። ይህ የጨዋ አጠያየቅ እንጂ ቁጣ አይደለም፤ መልሱም ስምና የተደወለበት ጉዳይ ነው። ድምፅ ሲጠፋ «አይሰማም፣ ይቆራረጣል፣ መልሼ ልደውል» ማለት ይበቃል። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚደወለው 907 ላይ ነው። ያኔ ዋናው ነገር ቦታ መጠቆም ነው፤ በዚህች ዳገታማ ከተማ ደግሞ ቦታ የሚነገረው በታወቀ ምልክትና በመሬቱ አቀማመጥ ነው፦ «ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ»፣ «ከትምህርት ቤቱ ከፍ ብሎ»። ማታ ደግሞ የሚጠቅመው ጥያቄ «ዛሬ ተረኛው መድኃኒት ቤት የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

የመንግሥት ሆስፒታልም ሆነ ጤና ጣቢያ ለመታየት ብዙውን ጊዜ በስልክ ቀጠሮ አይያዝም። በጠዋት ተሂዶ ካርድ ክፍል ይቀረባል፤ «ካርድ ማውጣት ፈልጌ ነበር» ይባላል፤ ከዚያ ተራ ይጠበቃል። ቀድሞ የታከመ ከሆነ «ካርድ አለኝ፣ ቀጠሮ ነው» ይላል። ነርሷ «ሲስተር»፣ ሐኪሙ «ዶክተር» ተብለው ይጠራሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው አጠገብ ለተቀመጠ እንግዳ «አንተ» ከማለት «እርስዎ» ይሻለዋል፤ በጎንደር አካባቢ «አንቱ»ም ይሰማል።

ሐኪሙ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ሲል እንግዳው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ሕመሙ አድራጊ ነው፤ ታማሚው ተደራጊ። «ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ ያስመልሰኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል» ይባላል። «እኔ ሆድ አመመ» ያለውንም በግምት ይረዱታል፤ ግን ሕመሙ የቁርጠት፣ የውጋት ወይስ የማቃጠል መሆኑ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። «ያስቀምጠኛል» ተቅማጥ መሆኑን ያላወቀ እንግዳ «ያስቀምጥሃል?» ሲባል ወንበር ሊፈልግ ይችላል። «ምች መታኝ» ማለት በሰፈር ያግባባል፤ ሐኪም ዘንድ ግን ከበሽታው ስም ይልቅ የተሰማውን መናገር ይሻላል። ቀጥሎ «ከጀመረህ ስንት ቀን ሆነህ?» ይመጣል፤ መልሱ «ሦስት ቀኔ ነው» ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ላለበት ደግሞ «ቆላ ወርደህ ነበር?» ሊባል ይችላል። ደጋው ላይ ወባ እምብዛም ባይሆንም ከታች ፎገራ ሜዳ ላይ አለና መልሱ ምርመራውን ይቀይረዋል።

የመመለሻ ቀጠሮ «ለሐሙስ ሳምንት» ከተባለ የዚህ ሳምንት ሐሙስ ሳይሆን የሚቀጥለው ነው። «3 ሰዓት» ማለትም ጠዋት ነው፤ ስልኩን በውጭ አቆጣጠር የሞላ ሰው 9 ሰዓት ላይ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት መድኃኒት ቤት ውስጥ ይፈጸማል። አሞክሳሲሊን 500 ሚሊግራም «በየ8 ሰዓቱ አንድ አንድ ፍሬ፣ ለ7 ቀን» ተብሎ ታዘዘ እንበል። «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» የሚለያዩት በትንሽ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ከቀትር በኋላ አንዴ መውሰድ ይሆናል። ትክክለኛው አወሳሰድ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ነው። በቀን ሦስት፣ በ7 ቀን 21 ፍሬ ይመጣል። የተሰጠው ከ21 ካነሰ ወይም ከበዛ የሆነ ቦታ ስህተት ሊኖር ይችላልና ታማሚው ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ አለበት። «ሁለት ሁለት» ሲባል ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ማለት ነው፤ አራት አይደለም። ሰውየው የሰማውን በራሱ አፍ ቢመልሰው ስህተቱ እዚያው ይታያል፦ «ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ፣ ነው አይደል?»

የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት «አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ሲል ከውጭ አገር ማለቱ አይደለም፤ ከግቢው ውጭ ካለ የግል መድኃኒት ቤት ማለት ነው። «ተለዋጭ አለው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» የሚለውም ሳይጠየቅ አይወጣም። ሳይጠየቁ ቀድመው መነገር ያለባቸው ሦስት ናቸው፦ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም»፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ»፣ «ሌላ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው»። አሞክሳሲሊን ከፔኒሲሊን ወገን ስለሆነ የመጀመሪያዋን አባባል የሰማ ባለሙያ ወደ ሐኪሙ መልሶ ይልከዋል፤ ሐኪሙም ማዘዣውን ይቀይረዋል።