ታጥፎ የሚቆለፍ ጣት፦ መንስኤውና ሕክምናው

በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ ከተማ አቅራቢያ የሚኖሩ የ52 ዓመት እናትን በምሳሌነት እንውሰድ። የማሽላ አጨዳው ካበቃ ወዲህ የቀኝ እጃቸው የቀለበት ጣት ሌሊቱን ታጥፎ ያድራል። ጠዋት ሲነሱ በራሱ አይዘረጋም። በግራ እጃቸው ሲያቃኑት «ቀጭ» ብሎ በድንገት ይለቃል። ሕመሙ የሚሰማቸው በጣቱ መካከለኛ አንጓ ላይ በመሆኑ አንጓው የወለቀ መስሏቸው ለሳምንታት ሲታሹና ጣቱ ሲሳብ ቆይተዋል። ጣቱ ግን ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ ይቆለፍ ጀመር።

የእኒህ እናት ችግር በሕክምናው ዘርፍ «ትሪገር ፊንገር» በመባል ይታወቃል። አንጓው አልወለቀም፤ አጥንቱም አልተሰበረም። ሕመሙ አንጓው ላይ ቢሰማም ችግሩ ያለው መዳፍ ውስጥ፣ ጣቱ በሚነሳበት ሥር ነው። አንጓውን ማሸት ለውጥ ያላመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጣት የሚታጠፈው እንጂ የማይዘረጋው ለምንድን ነው?

ጣትን የሚያጥፉት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት በክንድ ላይ ነው። ከእነዚህ ጡንቻዎች የሚነሱ ረጃጅም ጅማቶች በመዳፍ አልፈው እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳሉ። ጅማቱ ሲሳብ ከአጥንቱ እንዳይርቅ በየቦታው አቅፈው የሚይዙት ጠባብና ጠንካራ ማቀፊያዎች አሉ። የመጀመሪያው ማቀፊያ የሚገኘው በጣቱ ሥር፣ በመዳፍ በኩል ነው። በጤነኛ እጅ ላይ ጅማቱ በዚህ ማቀፊያ ውስጥ ያለ ችግር ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል።

በዚህ ሕመም ጊዜ ግን ማቀፊያው ይወፍርና ውስጡ ይጠባል። ጅማቱም በጠባቡ ቦታ ሲተሻሽ ያብጥና እንደ ቋጠሮ ያለ እብጠት ያወጣል። ቋጠሮ ያለበትን ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማሳለፍ እንደ መሞከር ነው። ጣቱ ሲታጠፍ ቋጠሮው ከማቀፊያው ወጥቶ ወደ መዳፍ ይሳባል። የማጠፊያ ጡንቻዎች ኃይለኛ ስለሆኑ ጎትተው ያሳልፉታል። ጣቱን ለመዘርጋት ግን ቋጠሮው ተመልሶ በጠባቡ ማቀፊያ ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል። የመዘርጊያ ጡንቻዎች ይህን የሚያህል ኃይል ስለሌላቸው ጣቱ እንደታጠፈ ይቀራል። በሌላ እጅ ሲገፋ ቋጠሮው በድንገት ያልፋል፤ የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅም ይኸው ነው። ሌሊት እጅ ሳይንቀሳቀስ ስለሚያድር እብጠቱ ይጨምራል፤ በመሆኑም ሕመሙ ጠዋት ይበረታል።

ከስኳር ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት

ሕመሙ በአብዛኛው የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ሲሆን ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ከጣቶች መካከል የቀለበት ጣትና አውራ ጣት ቀዳሚዎቹ ናቸው። እንደ ማጭድ ያለ እጀታን ለረጅም ጊዜ አጥብቆ መያዝ ሕመሙን ያባብሳል። ከ100 ሰዎች መካከል ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ሊይዛቸው የሚችል ሲሆን፣ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ቁጥሩ ወደ 10 ይጠጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከአንድ በላይ ጣቱ ሊቆለፍም ይችላል።

በምሳሌ ያነሳናቸው እናት ወደ ጤና ጣቢያ በሄዱ ጊዜ ባለሙያው የጣቱን ሥር በመዳፍ በኩል ተጭኖ ጣቱን እንዲያጥፉና እንዲዘረጉ ያደርጋል። ከጣቱ ጋር የምትንቀሳቀስ ትንሽ እብጠት እጁ ላይ ትሰማዋለች። ሕመሙን ለመለየት ይህ በአብዛኛው በቂ ስለሆነ ራጅ አያስፈልግም። ባለሙያው ቀጥሎ ምግብ ሳይበሉ የደም ስኳራቸውን ሲለካ 186 ሆኖ ያገኘዋል። በሌላ ቀን በድጋሚ ሲለካም ከ126 በላይ ይሆናል። እናት ለጣታቸው ብለው ሄደው የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ያወቁት በዚያ ነው።

ሕክምናው

የመጀመሪያው እርምጃ ጣቱን ማሳረፍ ነው። ጣቱ በሥሩ ካለው አንጓ እንዳይታጠፍ በቀላል መደገፊያ ለ6 ሳምንታት ያህል ይታሰራል፤ የላይኞቹ አንጓዎች ግን እንዳይደርቁ ነጻ ይተዋሉ። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ሕመሙን ቢያስታግሱም መቆለፉን አይፈቱም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ሊወስዳቸው አይገባም።

ይህ ካልበቃ በጣቱ ሥር፣ በማቀፊያው አካባቢ የስቴሮይድ መርፌ ይሰጣል። መርፌው እብጠቱን ስለሚቀንስ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ታካሚዎች ይሻላቸዋል። ለውጡ ግን በዕለቱ ሳይሆን በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚታይ ነው። የስኳር ሕመም ባለባቸው ላይ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ መርፌው ለተወሰኑ ቀናት የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስለሆነም የስኳር ታካሚ መርፌውን ከመወጋቱ በፊት ሕመሙን ለባለሙያው ማሳወቅ፣ ከዚያም በኋላ ስኳሩን መከታተል አለበት። መርፌው በአንድ ጣት ላይ ደጋግሞ የሚሰጥ አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ ለውጥ ካልመጣ ወደ ቀዶ ሕክምና ይታለፋል።

ቀዶ ሕክምናው የሚከናወነው እጅን ብቻ በማደንዘዝ ነው። ባለሙያው በጣቱ ሥር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቀድዶ የጠበበውን ማቀፊያ በቁመቱ ይከፍተዋል። ጅማቱ አይቆረጥም። የቀሩት ማቀፊያዎች ጅማቱን ስለሚይዙት ጣቱ ጉልበቱን አያጣም። ታካሚው በዕለቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ጣቱንም ከዚያው ቀን ጀምሮ ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ይወጣል። ቁስሉ ማመርቀዝ፣ የጣት መደንዘዝ ወይም መድረቅ አልፎ አልፎ ሊያጋጥም ይችላል።

እናታችን ጣታቸውን ለ6 ሳምንታት ካሳሰሩና የስኳር መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ሕመሙ ቢቀንስም መቆለፉ አልቀረም። ስለዚህ በሪፈር ወደ ወልድያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካሉ። የጤና መድን አባል እንደመሆናቸው የመድን ደብተራቸውንና የሪፈር ወረቀቱን ይዘው ይሄዳሉ። ስኳራቸው ሲስተካከል ማቀፊያው በቀዶ ሕክምና ይከፈታል። ባለሙያው ከመስፋቱ በፊት ጣታቸውን አጥፈው እንዲዘረጉ ሲጠይቃቸው ጣቱ ሳይያዝ ይዘረጋል።

የሚያዘገይ ምን ያጣል?

ጣትን በኃይል መሳብ የጠበበውን ማቀፊያ አያሰፋውም፤ እሽታም እብጠቱን ያባብሳል። ጣቱ ለወራት ታጥፎ ከቆየ መካከለኛው አንጓ ራሱ ይደርቃል። በዚያን ጊዜ ማቀፊያው ቢከፈት እንኳ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ላይዘረጋ ይችላል።

አንድ ሁኔታ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ጣቱ በሙሉ ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ በትንሹ ለመዘርጋት ሲሞከር ከባድ ሕመም ካለው፣ በተለይም እሾህ ወይም ስለት ከወጋው በኋላ ከሆነ፣ ይህ ትሪገር ፊንገር ሳይሆን በጅማቱ ሽፋን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ጅማቱን በአጭር ጊዜ ሊያበላሸው ስለሚችል ታካሚው በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል።