ባለ 2 ዶላሩ ትኬት ስንት ያወጣል?

የአሜሪካው ፓወርቦል ትልቁ ዕጣ ባለዕድል ካጣ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 እንዲህ ሲጠራቀም 1.586 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። የማሸነፍ ዕድሉ ከ292 ሚሊዮን አንድ ስለነበር፣ ስናካፍለው ባለ 2 ዶላሩ ትኬት በአማካይ 5.43 ዶላር ያወጣል። በዚህ ሒሳብ የተሻማ አይፈረድበትም!

ችግሩ፣ ያ ገንዘብ በ30 ክፍያ ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነው። ባንዴ ልውሰድ ላለ 983.5 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ ትኬቱ ወደ 3.37 ወረደ ማለት ነው። በጊዜው ከፍተኛው የፌዴራል ግብር፣ 39.6 በመቶ፣ ሲነሳለት 2.03 ይቀራል፤ ዋጋውን ቢመልስ ነው።

ለእኔ ዋናው ጉድ ግን ሌላ ነው። ዕጣው ባደገ ቁጥር ገዢው ይጎርፋል፤ ያው አሸናፊ ቁጥር ብዙ ሰው እጅ ይገባል። ያን ዕለትም ሦስት ትኬቶች ወጡ። 2.03 ለሦስት ሲካፈል 68 ሳንቲም ነው። ትናንሾቹ ዕጣዎች እኮ ቢደመሩ የሚጨምሩት 32 ሳንቲም ገደማ ነው።