የፊት ፍሬንን የሚፈራ ሞተረኛ

“የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ አትንካው” የሚለውን ምክር ሞተር የነዳ ሁሉ ሰምቶታል። ምክሩ ከፊል እውነት አለው። ግን አምኖበት በጭንቅ ሰዓት የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው የሚቆመው ብዙ ርቆ ነው።

ሞተሩና ነጂው አንድ ላይ 220 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ክብደቱም በሁለቱ ጎማዎች ላይ እኩል፣ 110 በ110 አርፏል እንበል። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይጫናል፤ የፊቱ ጎማ 198 ኪሎ ያህል ሲሸከም ለኋላው 22 ብቻ ይቀረዋል። መሬቱን አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ ብዙ የተጫነው ጎማ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የነበረና ሁለቱንም ፍሬን በአግባቡ የተጠቀመ ነጂ፣ ፍሬኑን ከያዘበት ቦታ 12 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። የኋላውን ብቻ የያዘው ወደ 34 ሜትር ይሄዳል።

አንዳንዱ “ለፊት 70፣ ለኋላ 30” ብሎ ቁጥር ይሸመድዳል። ይህ ለዝናብ ቀን ይቀርባል። እርጥብ አስፋልት ላይ ሞተሩ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ቀስ እያለ ስለሆነ 66 ኪሎ ያህሉ ከኋላ ይቀራል፣ የኋላ ፍሬንም ያኔ ቁም ነገር ይሠራል።

ታዲያ የሚገለብጠው ምንድን ነው? ድንጋጤው ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ሳይደርስ እጅ ፍሬኑን ጭብጥ ካደረገ፣ ገና 110 ኪሎ ብቻ የተሸከመው ጎማ ታስሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሳብ፣ የፊቱ ሾክ ዝቅ ሲል ጠንከር፤ እግር ደግሞ በተቃራኒው፣ ጀምሮ ላላ እያደረገ ይሄዳል። የፊት ጎማ ከታሰረ ወዲያው ለቆ እንደገና መያዝ ነው።

ኤ.ቢ.ኤስ የተገጠመለት ሞተር ይህን መመጠን ለራሱ ይወስዳል። በጎማው ላይ ያለው ሴንሰር ጎማው ሊታሰር መሆኑን ሲያይ ግፊቱን በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቃል፣ ይመልሳል። ነጂው ሁለቱንም ፍሬን አጥብቆ ይዞ እስኪቆም አይለቅም። እዚህ ላይ የድሮ ልማድ ጠላት ይሆናል፤ ፍሬኑ እጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ ደንግጦ የሚለቅ ብዙ ነው፣ ያ ንዝረት ግን መሣሪያው እየሠራ መሆኑን ነው የሚናገረው።

መሣሪያው የማይችለውም አለ። ተራው ዓይነት የሚያየው የጎማውን ፍጥነት እንጂ የሞተሩን ማዘንበል ስላልሆነ፣ ኩርባ ላይ ተጋድሞ ፍሬን ከሚያጠብቅ ነጂ ጥፋት አያድንም። ልል ጠጠር ላይ መቆሚያውን ሊያረዝምም ይችላል። በርካሽ ሞተሮች ላይ ደግሞ አንዳንዴ ለፊት ጎማ ብቻ ይገጠማል፤ እግሩን ያለ ስስት የረገጠ ሰው የኋላውን ያስረዋል። ሞተሩ ሲነሳ የሚበራው የኤ.ቢ.ኤስ መብራት መንቀሳቀስ ከተጀመረ በኋላም ካልጠፋ መሣሪያው አይሠራም፤ ያን ቀን በእጅ መመጠን ይመለሳል።